የተዘበራረቀ የስብሰባ ማስታወሻን ወደ ቃለ ጉባኤ መገልበጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ጽሑፍ በጅማ ዙሪያ፣ በማና፣ በጎማ፣ በሊሙ ኮሳና በጌራ ባሉ የቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ጸሐፊ ሆነው ለተመረጡ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ጸሐፊው አብዛኛውን ጊዜ ራሱም የኮሚቴ አባል ነው። ይወያያል፣ ድምፅ ይሰጣል፣ በዚያው መሐል ይጽፋል። ስለዚህ ማስታወሻው የተቆራረጠና የተደራረበ ቢሆን አይገርምም። አስቸጋሪው ሥራ የሚመጣው ከስብሰባው በኋላ፣ ያንን ወረቀት ሁሉም ፈርሞ ወደሚያጸድቀው ቃለ ጉባኤ ሲገለብጡት ነው።

ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ምሳሌ ይዘን እንሄዳለን። ለማስረዳት ያዘጋጀነው ሲሆን፣ እሸት ቡና ከመግባቱ በፊት ሰባት አባላት ያሉት የሥራ አመራር ኮሚቴ ያደረገው ስብሰባ ነው። የጸሐፊው ማስታወሻ ይህን ይመስላል፦

> 10/1/18 ቅዳሜ። 3 ሰዓት ተባለ፣ 3:40 ተጀመረ
> የመጡ፦ ሰብሳቢ፣ ም/ሰብሳቢ፣ እኔ፣ ገ/ያዥ፣ አባል 1። አባል 2 በ4:15። አባል 3 የለም (ደውሏል)
> ከቁጥጥር ኮሚቴ አንድ ሰው
> መፈልፈያው፦ ዲስኩ አልቋል፣ ፍሬ ይቆርጣል። ቺንጋውም
> 18? 22 ሺህ። ይገዛ፣ ከመስቀል በኋላ
> አልጋ፦ 12 ወንፊቱ ተቀዷል። ሁሉም ይጠገን / ገንዘብ የለም / 8ቱ አሁን
> ሚዛን፦ አባላት ያማርራሉ!! ይታይ
> ቅድሚያ ክፍያ ለአባላት፦ ገ/ያዥ ተቃወመ። 4 ለ 1፣ አንዱ ዝም
> 5:50 አለቀ

ከየት ልጀምር?

ማስታወሻውን አጽድተው እንደገና ለመጻፍ አይቸኩሉ። ወረቀቱ እንዳለ ይቀመጥ። የመጀመሪያው ሥራ በእያንዳንዱ መስመር ዳር ምልክት ማድረግ ነው። አራት ምልክት ይበቃል፦ «ው» ለውይይት፣ «ሳ» ለውሳኔ፣ «ተ» ለተግባር፣ «?» ደግሞ እርግጠኛ ላልሆኑበት። አንድ መስመር ሁለት ምልክት ሊኖረው ይችላል። «ይገዛ፣ ከመስቀል በኋላ» ውሳኔም ነው፣ ተግባርም ነው።

ይህን በዚያው ዕለት ወይም ቢበዛ በማግስቱ ይሥሩት። «አንዱ ዝም» ብለው የጻፉት ሰው ማን እንደነበር ዛሬ ያስታውሱታል፤ ሳምንት ካለፈ ግን ከሌላ ስብሰባ ጋር ይቀላቀልብዎታል። በምሳሌው ላይ ምልክቱ ተደርጎ ሲያልቅ «?» የሚያርፍባቸው ቦታዎች አምስት ናቸው፦ የዲስኩ ዋጋ፣ ማን እንደሚገዛው፣ የአልጋው ጥገና፣ የሚዛኑ ነገርና ዝም ያለው ሰው። ብዙ ጸሐፊዎች እነዚህን ከራሳቸው ግምት ሞልተው ያልፋሉ። በኋላ ጭቅጭቅ የሚነሳውም በነዚሁ ላይ ነው።

ቋሚዎቹ ክፍሎች የትኞቹ ናቸው?

ስምንት ናቸው። በየስብሰባው ቅደም ተከተላቸው አይለወጥም፦

1. የማኅበሩ ስም፣ የቃለ ጉባኤው ቁጥር፣ ቀን፣ ቦታ፣ የተጀመረበት ሰዓት
2. የተገኙ አባላት፣ ያልተገኙ አባላት፣ ተጋባዦች
3. ያለፈው ስብሰባ ውሳኔዎች ያሉበት ደረጃ
4. አጀንዳ
5. ውይይት፣ በአጀንዳ ቁጥር
6. ውሳኔ፣ በተከታታይ ቁጥር
7. ተግባር፣ ኃላፊና የማብቂያ ቀን
8. ያበቃበት ሰዓትና የሁሉም ተገኚዎች ፊርማ

በአንድ ክፍል የሚጻፍ ነገር ከሌለ ርዕሱ አይሰረዝም፤ «የለም» ተብሎ ይጻፋል። ያልተገኘ አባል ከሌለና ክፍሉን ከዘለሉት፣ ከዓመት በኋላ የሚያነብ ኦዲተር ሁሉም ተገኝቶ ይሁን ጸሐፊው ረስቶ ይሁን መለየት አይችልም።

አንዳንዶች ውይይትን፣ ውሳኔንና ተግባርን በየአጀንዳው ሥር አንድ ላይ ይጽፋሉ። ስህተት አይደለም። እኛ ግን ውሳኔዎቹ ለብቻቸው ተሰብስበው ቢቀመጡ እንመርጣለን። ገንዘብ ያዡ «ይህ ወጪ ተወስኗል ወይ?» ብሎ ሲፈልግ ሦስት ገጽ ክርክር ሳያነብ ያገኘዋል።

«የመጡ» ብዬ የጻፍኩትን እንዴት ወደ ተገኙ አባላት ክፍል ልለውጠው?

ሦስት ነገር መለየት አለበት፦ ድምፅ ያለው አባል፣ ድምፅ የሌለው ተጋባዥ፣ ያልተገኘ አባል። እያንዳንዱ በሙሉ ስሙና በኃላፊነቱ ይጻፋል። «እኔ» የሚለው «ጸሐፊ» ይሆናል። (እዚህ በኃላፊነት ብቻ የጠራናቸው ምሳሌ ስለሆነ ነው።)

ዘግይቶ የመጣ ሰው የመጣበት ሰዓት፣ አቋርጦ የወጣም የወጣበት ሰዓት ከስሙ ጎን ይጻፍ። ይህ ሰዓት ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛው ምልዓተ ጉባኤን ማረጋገጥ ነው። የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ከአባላቱ ከግማሽ በላይ መገኘት አለበት የሚል ከሆነ፣ ከሰባት ሰው አራት ያስፈልጋል። ስብሰባው 3:40 ሲጀመር አምስት ሰው ስለነበረ ተሟልቷል። ቃለ ጉባኤው ውስጥ ይህ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይገባል፦ «ከ7 የኮሚቴ አባላት 5ቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቶ ስብሰባው ከጠዋቱ 3:40 ተጀምሯል።»

ሁለተኛው ጥቅም የድምፅ ቆጠራውን መፈተሽ ነው። «4 ለ 1፣ አንዱ ዝም» ሲደመር ስድስት ይሆናል። ስድስት ሰው ሊኖር የሚችለው አባል 2 ከገባበት ከ4:15 በኋላ ብቻ ነው። የቅድሚያ ክፍያው በማስታወሻው መጨረሻ ላይ ስላለ ይስማማል። ድምሩ ሰባት ቢመጣ ኖሮ ከቁጥጥር ኮሚቴ የመጣው ሰው ተቆጥሯል ማለት ነው፤ ያ ሰው ታዛቢ እንጂ ድምፅ ሰጪ አይደለም። ድምሩ በቦታው ከነበሩት ድምፅ ያላቸው አባላት ቁጥር ጋር ካልገጠመ ቃለ ጉባኤው ለፊርማ መቅረብ የለበትም።

ደውሎ የቀረ ሰው «በፈቃድ»፣ ሳያሳውቅ የቀረ «ያለፈቃድ» ተብሎ ይለያል። ደንቡ ተደጋጋሚ ቀሪነትን የሚያስቀጣ ከሆነ ማስረጃው ይህ መስመር ብቻ ነው።

ውይይቱን ከውሳኔው እንዴት ልለየው? ማስታወሻዬ ላይ ሁለቱም አንድ መስመር ናቸው።

የአልጋውን መስመር እንመልከት፦ «12 ወንፊቱ ተቀዷል። ሁሉም ይጠገን / ገንዘብ የለም / 8ቱ አሁን»። እዚህ ውስጥ አንድ እውነታ (12 የማድረቂያ አልጋዎች ተቀደዋል)፣ አንድ ሐሳብ (ሁሉም ይጠገን)፣ አንድ ተቃራኒ ምክንያት (ገንዘብ የለም) እና ምናልባት አንድ ውሳኔ (8ቱ አሁን) አሉ። «ምናልባት» ያልነው የመጨረሻው የተናገረ ሰው ሐሳብ ሁልጊዜ ውሳኔ ስላልሆነ ነው። ጸሐፊ ሲደክመው የመጨረሻውን ቃል ውሳኔ አድርጎ የመውሰድ ልማድ አለ፤ ይህ ልማድ ብዙ ማኅበራትን አጣልቷል።

አንድ መስመር ውሳኔ መሆኑን የሚያሳየው ከሦስቱ አንዱ ነው፦ ሰብሳቢው «እንግዲህ እንዲህ ይሁን» ብሎ ደምድሟል፣ ድምፅ ተሰጥቷል፣ ወይም ሐሳቡ ቀርቦ ተቃዋሚ ካለ ተጠይቆ አልተገኘም። ከነዚህ አንዱም ከሌለ መስመሩ የሚገባው ውይይት ውስጥ ነው።

በምሳሌያችን ሰብሳቢው ሲጠየቁ በስምንቱ ላይ ተስማምተው እንደዘጉትና ቀሪው አራት በጥቅምት ስብሰባ እንዲታይ መባሉን አረጋገጡ። ስለዚህ እንዲህ ይከፈላል፦

*ውይይት፦* 12 የማድረቂያ አልጋዎች ወንፊታቸው መቀደዱ ተገልጿል። ሁሉም በአንድ ጊዜ እንዲጠገኑ ሐሳብ የቀረበ ሲሆን፣ በእጅ ያለው ገንዘብ እንደማይበቃ ተነስቷል።

*ውሳኔ 2፦* ከ12ቱ የማድረቂያ አልጋዎች 8ቱ አሁን እንዲጠገኑ፣ የቀሩት 4 ጉዳይ በጥቅምት ወር ስብሰባ እንዲታይ በስምምነት ተወስኗል።

በውይይቱ ክፍል የማንም ስም እንዳልተጠራ ልብ ይበሉ። ማን ምን አለ የሚለው በመደበኛ ቃለ ጉባኤ አይጻፍም፤ ሐሳቡና ምክንያቱ ይበቃል። የሚለየው አንድ ጊዜ ነው፦ አባሉ ራሱ «ተቃውሞዬ በስሜ ይመዝገብልኝ» ካለ። ገንዘብ ያዡ በቅድሚያ ክፍያው ላይ ይህን ከጠየቁ፣ ስማቸውና ምክንያታቸው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይገባል። ገንዘቡ ባይመለስ በኋላ የሚጠየቁት እሳቸው ሊሆኑ ስለሚችሉ ይህ መብታቸው ነው፣ ጸሐፊው ሊያሳጥረው ወይም ሊያለዝበው አይገባም።

«ይገዛ»፣ «ይጠገን»፣ «ይታይ» ብዬ የጻፍኳቸውን ምን ላድርጋቸው?

እነዚህ ቃላት አድራጊውን ይደብቃሉ። «ይገዛ» የሚለውን ሁሉም ሰምቶ ይስማማል፣ ማንም ግን ለመግዛት አይነሳም። ወደ ተግባር ክፍል ሲገቡ እያንዳንዳቸው አንድ ኃላፊ፣ አንድ የማብቂያ ቀንና የሚመነጩበት የውሳኔ ቁጥር ሊኖራቸው ይገባል። ኃላፊው አንድ ሰው ይሁን። «ኮሚቴው ይከታተለዋል» ከተባለ የሚከታተል የለም። ረዳት ካስፈለገ ይጨመራል፣ ተጠያቂው ግን አንዱ ነው።

ቀኑም እንደዚሁ ነው። «ከመስቀል በኋላ» መቼ እንደሚጀመር ይናገራል እንጂ መቼ እንደሚያልቅ አይናገርም። «ከሐሙስ ገበያ በፊት» የሚለው ደግሞ የትኛው ሐሙስ እንደሆነ ካልተጻፈ ወር ሙሉ ያገለግላል። ቀኑ ከነዕለቱ ይጻፍ፤ ዕለቱና ቀኑ እርስ በርስ ስለሚፈታተሹ ስህተት ቶሎ ይታያል። በ2018 መስቀል ቅዳሜ መስከረም 17 ላይ ስለዋለ፣ ምክትል ሰብሳቢው ሰኞ መስከረም 19 ጅማ ወርደው እስከ ዓርብ መስከረም 23 ዕቃውን ሊያስገቡ በስብሰባው ላይ ቃል መግባታቸው ተረጋግጧል፤ የአልጋው ጥገና ኃላፊና ቀንም በዚሁ መንገድ ተጣርቷል። ሠንጠረዡ ሲሞላ ይህን ይመስላል፦

| ተ.ቁ | ተግባር | ኃላፊ | የማብቂያ ቀን | ውሳኔ |
|---|---|---|---|---|
| 1 | የመፈልፈያ ዲስክና ቺንጋ ገዝቶ ማስገባት | ምክትል ሰብሳቢ | ዓርብ መስከረም 23/2018 | 1 |
| 2 | 8 የማድረቂያ አልጋዎችን ማስጠገን | አባል 1 | ማክሰኞ መስከረም 27/2018 | 2 |

ከጨረሱ በኋላ ሁለት አቅጣጫ ይፈትሹ። እያንዳንዱ ውሳኔ ቢያንስ አንድ ተግባር አለው ወይ? እያንዳንዱ ተግባርስ ከውሳኔ የመነጨ ነው ወይ? ሠንጠረዡ ውስጥ ሦስተኛው ውሳኔ፣ ቅድሚያ ክፍያው፣ የለም። ተፈቅዷል፣ ግን ለአንድ አባል ስንት ብር እንደሚሰጥና ማን እንደሚከፍል አልተነገረም። ጸሐፊው ይህን ክፍተት ማየቱ ትልቅ ሥራ ነው። መሙላት ግን የእሱ ሥልጣን አይደለም።

ክፍተት ሳገኝ ታዲያ ማንን ልጠይቅ?

ሰብሳቢውን፣ እንዲሁም ጉዳዩ የሚመለከተውን ሰው። ጥያቄዎቹን በአንድ ወረቀት ሰብስበው በአንድ ጊዜ ይጠይቁ፤ መልሱን ከነቀኑ ከጥያቄው አጠገብ ይጻፉት፣ ከማስታወሻውም ጋር ያያይዙት።

ጥያቄው ሁልጊዜ «ምን ተባለ?» ይሁን፣ «ምን ይሁን?» አይሁን። ልዩነቱ ከባድ ነው። «18? 22 ሺህ» የሚለውን ሲጠይቁ 18 ሺህ የዲስኩ፣ 22 ሺህ ደግሞ ቺንጋው ተጨምሮ የሁለቱ ዋጋ እንደሆነና የተወሰነው 22 ሺህ እንደነበር ካወቁ፣ ይህ በስብሰባው የተባለን ማጣራት ነው። እንዲህ ይጻፋል፦ «ውሳኔ 1፦ የመፈልፈያ ማሽኑ ዲስክና ቺንጋ በብር 22,000 እንዲገዙ በስምምነት ተወስኗል።» ከራስዎ «ከ22,000 በማይበልጥ» ብለው አያስውቡት፤ ጣሪያ ማስቀመጥ ሌላ ውሳኔ ነው።

ሚዛኑ ግን የተለየ ነው። «ይታይ» ሲባል ማን እንደሚያየው ያስታወሰ ሰው አልተገኘም። ሰብሳቢው በስልክ «እንግዲያው ለአባል 2 ስጠው» ቢሉ አይጻፍም፤ ኮሚቴው ያልወሰነውን አንድ ሰው ከስብሰባ በኋላ ሊወስን አይችልም። ትክክለኛው አጻጻፍ «አባላት በእሸት ቡና ሚዛን ላይ ቅሬታ እንዳላቸው ተነስቷል። ውሳኔ አልተሰጠበትም፤ ለሚቀጥለው ስብሰባ በአጀንዳነት ተላልፏል» ነው። ጉዳዩ አስቸኳይ ከሆነ (ግዢ ሊጀመር ሲል ሚዛን ከሁሉም ይቀድማል) መፍትሔው አስቸኳይ ስብሰባ መጥራት ነው። የቅድሚያ ክፍያው መጠንም በዚያው አጀንዳ ይገባል።

«አንዱ ዝም» የሚለውስ? ዝም ማለትና ድምፀ ተዓቅቦ ማድረግ አንድ አይደሉም። ድምፅ ሲቆጠር ለተዓቅቦ እጁን አውጥቶ ከሆነ «በ4 ድጋፍ፣ በ1 ተቃውሞ፣ በ1 ድምፀ ተዓቅቦ» ይባላል። እጁን ሳያወጣ ቀርቶ ከሆነ «1 አባል ድምፅ አልሰጡም» ተብሎ ይጻፍ።

ሰዓትና ቀን ላይ የሚያጋጥም ስህተት አለ?

አለ፣ በተለይ ማስታወሻው ስልክ ላይ የተጻፈ ወይም ፎቶ የተነሳ ከሆነ። ስልኩ 9:40 ሲል የእኛ 3:40 ነው፤ ሁለቱ በአንድ ገጽ ተደባልቀው ሲገኙ ስብሰባው ከማለቁ በኋላ የጀመረ ይመስላል። «ከጠዋቱ»፣ «ከቀኑ» የሚለውን ሁልጊዜ ይጨምሩ። «10/1/18»ም በስልክ አቆጣጠር የጥር 2018 እ.ኤ.አ. ቀን ተደርጎ ሊነበብ ስለሚችል «ቅዳሜ መስከረም 10 ቀን 2018 ዓ.ም.» ተብሎ በፊደል ይጻፍ።

ስብሰባው በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ተቀላቅሎ ነው የሚካሄደው። በየትኛው ልጻፍ?

ዋናው፣ የሚፈረምበት ቅጂ በአንድ ቋንቋ ብቻ ይሁን። ለወረዳ መሥሪያ ቤት የሚላክ ከሆነ የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ዋናው በዚያ ቢዘጋጅ ይሻላል። የአማርኛው ቅጂ ከላዩ «ትርጉም» የሚል ይኑረው፤ ልዩነት ቢፈጠር የሚጸናው የተፈረመው ነው።

ማስታወሻው ራሱ ሲቀላቀል አይረበሹ፤ ሰው በተናገረበት ቋንቋ መያዝ ትክክል ነው። አደጋው ውሳኔው ሲተረጎም ነው። «ይጠናል» የሚል ለዘብ ያለ አነጋገር በትርጉም «ይደረጋል» ሆኖ ሊወጣ ይችላል። የሚከላከለው አንድ ልማድ ነው፦ ስብሰባው ከመበተኑ በፊት ጸሐፊው ውሳኔዎቹን ብቻ በሁለቱም ቋንቋ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ የአልጋውና የዲስኩ ጥያቄም እዚያው ይፈታ ነበር።

ከተፈረመ በኋላ ስህተት ካገኘሁስ?

ስርዝ ድልዝ አይደረግበትም፣ ገጹም አይቀየርም። በሚቀጥለው ስብሰባ ይቀርብና «በቃለ ጉባኤ ቁጥር 01/2018፣ በውሳኔ 1 ብር 18,000 የተባለው ብር 22,000 ተብሎ እንዲስተካከል ተወስኗል» ተብሎ በአዲሱ ቃለ ጉባኤ ይመዘገባል። በአሮጌው ገጽ ኅዳግ ላይ የአዲሱን ቁጥር መጠቆም ይቻላል፣ ሰብሳቢውና ጸሐፊው አጠገቡ ይፈርማሉ።

ቃለ ጉባኤው በእጅ በመዝገብ ላይ የሚጻፍ ከሆነ በመጨረሻው መስመርና በፊርማው መካከል ባዶ ቦታ አይተዉ፤ የቀረውን በሰያፍ መስመር ይዝጉት። በኮምፒውተር ከሆነ እያንዳንዱ ገጽ «ገጽ 2 ከ3» የሚል ቁጥር ይኑረው፣ ፊርማም በመጨረሻው ገጽ ብቻ ሳይሆን በሁሉም ላይ ይደረግ። የፊርማ ገጹ ለብቻው ከሆነ ከፊቱ ያለው ገጽ ቢለወጥ ማንም አያውቅም።

የተግባር ሠንጠረዡ ከዚያ በኋላ የት ይሄዳል?

ለእያንዳንዱ ኃላፊ የራሱ መስመር በሁለት ቀን ውስጥ ይድረሰው፣ በስልክ መልእክትም ቢሆን። ሠንጠረዡ እንዳለ ተገልብጦ የሚቀጥለው ቃለ ጉባኤ ክፍል 3 ይሆናል፣ «ያለበት ደረጃ» የሚል አንድ ዓምድ ብቻ ይጨመርበታል። እዚያ የሚጻፉት ቃላት ሦስት ናቸው፦ «ተፈጽሟል»፣ «አልተፈጸመም»፣ «በከፊል»። «በሂደት ላይ» የሚለውን አንመክርም፤ ያልተጀመረውም በግማሽ ያለውም እዚያው ስለሚደበቅ። «በከፊል» ከሆነ የተሠራው በቁጥር ይገለጽ፦ «ከ8 አልጋ 5ቱ ተጠግነዋል»፣ ለቀሪው ሦስት ደግሞ አዲስ የማብቂያ ቀን በኮሚቴው ይወሰናል።